ስለ አይሮፕላን ቲኬት ሦስት ዋጋዎች

በአንድ አይሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሦስት ተማሪዎች ሦስት የተለያየ ዋጋ ከፍለው ሊሆን ይችላል። ወንበሩ ያው ነው፤ የሚደርሱበትም ሰዓት አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው እያንዳንዳቸው ከኩባንያው ጋር በገቡት ውል ላይ ነው። በአሜሪካ የሚማሩ ጓደኞቻችን ለዕረፍት ወደ ዘመድ ሲሄዱ ይህን ውል ሳያነቡ ዋጋውን ብቻ አይተው ስለሚገዙ፣ ጉዳዩን በዚያው አገር የውስጥ በረራ ምሳሌነት ማብራራት መረጥን።

ዝቅተኛው ዋጋ ቤዚክ ኢኮኖሚ ይባላል። ዴልታ የተባለው ኩባንያ በ2012 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ጀመረው፤ ዩናይትድና አሜሪካን በ2017 ተከተሉ። ዓላማው ዋጋቸው እጅግ ርካሽ ከሆነ ኩባንያዎች ጋር ለመወዳደር ነበር። ይሁን እንጂ ርካሹ ዋጋ የተገኘው ከተለመደው ቲኬት ላይ መብቶች እየተነሱ ነው። መንገደኛው ወንበሩን በነፃ አይመርጥም፤ የሚሳፈረውም ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው። እነዚህ ሁለቱ ለወጣት ብዙም አያስጨንቁም። የሚያስጨንቁት የሻንጣውና የቀን ለውጡ ናቸው።

በሻንጣው እንጀምር። ለምሳሌ ያህል ከዋሽንግተን ቺካጎ ቤዚኩ 120 ዶላር፣ ስታንዳርዱ 155 ዶላር፣ ገንዘብ የሚመለስበት ፍሌክሲብሉ ደግሞ 260 ዶላር ነው እንበል። ዩናይትድ በአገር ውስጥ በረራው ላይ ለቤዚክ መንገደኛ የሚፈቅደው ከፊቱ ካለው ወንበር ሥር የምትገባ አንዲት ቦርሳ ብቻ ነው። ከራስ በላይ ባለው ሣጥን የሚቀመጥ የእጅ ሻንጣ ይዞ እስከ መሳፈሪያው በር የደረሰ ሰው የሻንጣውን ሒሳብና በተጨማሪ 25 ዶላር ይከፍላል። የሻንጣው ሒሳብ 40 ዶላር ቢሆን 120 የነበረው ቲኬት 185 ይሆናል ማለት ነው። ስታንዳርድ የገዛው ጎረቤቱ ግን ያንኑ ሻንጣ በ155 ይዞ ገብቷል። ዴልታና አሜሪካን በቤዚክም የእጅ ሻንጣ ስለሚፈቅዱ የአንዱን ደንብ በሌላው ላይ መገመት አይገባም።

አሁን ወደ ቀኑ እንሂድ። ፈተና በአንድ ሳምንት ቢተላለፍ የቤዚክ ቲኬት እንደ ደንቡ ቀኑ አይለወጥም፤ አንዳንዱ ኩባንያ ለመሰረዝ ቢፈቅድም ጠርቀም ያለ መቀጫ ይቆርጣል። ስታንዳርዱ ይለወጣል። ትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች በ2020 የለውጥ መቀጫን ከዚህ ቲኬት ላይ አንስተዋል። ሆኖም መቀጫ ቀረ ማለት ለውጡ ሁልጊዜ ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ አዲሱ ቀን 210 ዶላር የሚሸጥ ከሆነ የ55ቱን ልዩነት መክፈል ግድ ነው። ስታንዳርዱን የሰረዘም ሰው የሚያገኘው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ከዚያው ኩባንያ ሌላ ቲኬት የሚገዛበት ሒሳብ ነው፤ እርሱም ጊዜው ይወሰናል፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ገንዘቡን ራሱን የሚመልሰው ፍሌክሲብሉ ነው።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? ሻንጣውን ትተን እናስላ። ከአራት ጉዞ አንዱን የሚሰርዝ ተማሪ በቤዚክ 4 ጊዜ 120፣ ማለትም 480 ያወጣል፤ በስታንዳርድ ግን የአንዱ ሒሳብ ለሌላ ጉዞ ስለሚውል 3 ጊዜ 155፣ ማለትም 465 ነው። ከዚያ ያነሰ የሚሰርዝ ከሆነ ቤዚኩ ያዋጣል። ፍሌክሲብሉ ግን ለተማሪ እምብዛም አያዋጣም ባዮች ነን። በዓመቱ ውስጥ ዳግመኛ የሚበር ሰው የስታንዳርዱ ሒሳብ ከገንዘብ ብዙም አይለይበትምና፣ 105 ዶላር የሚጨምርበት ምክንያት የለውም። የቪዛ መልስ የሚጠብቅና ቢከለከል ዳግም የማይበር ሰው ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ከአሥር ስድስት ያህል የመቅረት ዕድል ካለው 260ው ይሻለዋል።

ለሦስቱም የሚሠሩ ሁለት የአሜሪካ መንግሥት ደንቦች አሉ። ከበረራው 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ አስቀድሞ ከኩባንያው በቀጥታ ቲኬት የገዛ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ መቀጫ መሰረዝ ይችላል፤ ቤዚክም ቢሆን። ሁለተኛው፣ በረራውን የሰረዘው ኩባንያው ራሱ ከሆነ፣ ወይም የአገር ውስጥ በረራ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየ፣ የቀረበለትን ሌላ በረራ ያልተቀበለ መንገደኛ ገንዘቡ ይመለስለታል። በዚህ ጊዜ የሂሳብ ወረቀት ውሰድ ቢሉት መቀበል አይገደድም።

አንድ ነገር ግን ደንቡም አያድንም። ስታንዳርድ የገዛ ሰው እንደማይሄድ እያወቀ ሳይሰርዝ ቢቀርና አይሮፕላኑ ቢነሣ፣ ቲኬቱ እንደ ቤዚኩ ዋጋ ቢስ ይሆናል፤ የደርሶ መልስ ከሆነም የመመለሻው ቦታ አብሮ ይሰረዛል። መሰረዝ ያለበት በረራው ከመነሣቱ በፊት ነው፤ አንድ ሰዓት ቢቀረውም እንኳ ይሰረዛል።