በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የኪራይ መኪና አመላለስ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ቆይተው በደለስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ዜጎች፣ የተከራዩትን መኪና የሚያስረክቡት በተርሚናሉ ደጃፍ አይደለም። ዋና ዋናዎቹ አከራይ ድርጅቶች ከተርሚናሉ ራቅ ብሎ የየራሳቸው ማስረከቢያ ስፍራ አላቸው፤ ደንበኞቻቸውንም በየራሳቸው አውቶቡስ ያመላልሳሉ።

ነዳጅና መንገድ

በውሉ መሠረት ነዳጅ ሞልቶ መመለስ የሚጠበቅበት ተከራይ፣ ነዳጁን መኪናውን ከማስረከቡ በፊት መሙላት ይኖርበታል። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው ልዩ መንገድ ለማረፊያው ተጠቃሚዎች ያለክፍያ የተፈቀደ ሲሆን፣ እስከ ማረፊያው ድረስ መውጫ የለውም። ከጎኑ ትይዩ የሚሄደው መንገድ ግን የሚከፈልበት በመሆኑ፣ አሽከርካሪው በስህተት እንዳይገባበት ምልክቶቹን አስቀድሞ ማስተዋል ይኖርበታል።

ማስረከቢያው

በማረፊያው ግቢ «ሬንታል ካር ሪተርን» የሚሉትን ምልክቶች በመከተል፣ በውሉ ላይ ስሙ የተጻፈው ድርጅት ወዳለበት ስፍራ መግባት ይገባል። መኪናው ወደ ሌላ ድርጅት ስፍራ ከገባ እንደተመለሰ አይቆጠርም። ተከራዩ ሠራተኛው የነዳጁንና የኪሎሜትሩን መጠን እስኪመዘግብ ጠብቆ ደረሰኝ ይቀበላል፤ መኪናውን በአራቱም ጎን ፎቶግራፍ ማንሳቱም ኋላ ላይ ለሚነሳ የጉዳት ጥያቄ ማስረጃ ይሆነዋል።

ወደ ተርሚናሉ

አውቶቡሱ የሚነሳው ከዚያው ከማስረከቢያው ነው። የመነሻ በረራ መስተንግዶ የሚሰጠው በተርሚናሉ ላይኛው ደረጃ ስለሆነ፣ በታችኛው ደረጃ የወረደ ተጓዥ በአሳንሰር መውጣት አለበት።

ብዙ ሻንጣ ላላቸው ቤተሰቦች

ለአብነት፣ ስምንት ሻንጣ የያዙ አራት የቤተሰብ አባላት በረራቸው በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት 11:00 ቢሆንና 8:00 ላይ መስተንግዶ ለመጀመር ቢያቅዱ፣ 7:00 ላይ በላይኛው ደረጃ ሻንጣውን ያራግፋሉ። አንድ አዋቂ ከልጆቹና ከሻንጣው ጋር ይቆያል፤ አሽከርካሪው ብቻውን መኪናውን ያስረክባል። ለርክክቡ 20፣ አውቶቡስ ለመጠበቅና ለመጓዝ 30 ደቂቃ ቢወስድበት፣ 10 ደቂቃ ይተርፈዋል። መኪናን ያለ አሽከርካሪ በተርሚናሉ ደጃፍ ማቆም ክልክል ነው።

አሽከርካሪው ከመለያየቱ በፊት የራሱን ፓስፖርትና ስልክ መያዙን፣ በመኪናው የዕቃ መጫኛና በወንበሮቹ ሥር የቀረ ዕቃ አለመኖሩን ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ መኪናው ከተረከበ በኋላ ለጽዳት ስለሚወሰድ የቀረን ዕቃ ከበረራ በፊት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።