ማክ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አልከፍትም ሲል ምን እናድርግ?

በአሽዶድ ማክ ኮምፒዩተር ያላቸው ወገኖቻችን ከኢንተርኔት ያወረዱት ፕሮግራም አንዳንድ ጊዜ አልከፈት ይላቸዋል። በማያው ላይ፣ አፕል ፕሮግራሙ ከጉዳት ነጻ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻለም የሚል መልእክት ይመጣል። የባንክና የኩፓት ሆሊም ጉዳያችንን የምንፈጽመው በዚያው ኮምፒዩተር ስለሆነ፣ የመልእክቱን ትርጉም ማወቅ ይገባናል።

የሚከለክለው ጌትኪፐር የሚባለው ጠባቂ ነው። አፕል ያወጣው በ2012 ሲሆን፣ የሚጠይቀውም ፕሮግራሙን የሠራው ሰው በአፕል ዘንድ የተመዘገበ መሆኑን ነው። በኋላም ፕሮግራሙ ወደ አፕል ተልኮ መመርመሩን መጠየቅ ጀመረ። ምዝገባው በዓመት 99 ዶላር ያስከፍላል። በነጻ የሚያድሉ ሰዎች ይህን ላይከፍሉ ይችላሉ። ስለዚህ መልእክቱ «ሠሪውን አላውቀውም» ማለት እንጂ «ሌባ ነው» ማለት አይደለም።

ጠባቂው ያሳለፈው ሁሉም ንጹሕ አይደለም። በመጋቢት 2016 ትራንስሚሽን የተባለው ፕሮግራም በራሱ ድረ ገጽ ላይ ተበክሎ ተገኘ። ፊርማው ትክክለኛ ስለነበር ጌትኪፐር አሳለፈው። ፕሮግራሙም ሦስት ቀን ጠብቆ የሰዎችን ፋይሎች ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ።

እንግዲህ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አውርደን ተከለከልን እንበል። መጀመሪያ የምንጠይቀው ከየት እንደመጣ ነው። ፈልገን ከሠሪው ድረ ገጽ ያወረድነው ከሆነ፣ ሠሪውም በስሙ የሚታወቅና ክልከላው እንደሚያጋጥም ራሱ የጻፈ ከሆነ መክፈት ይቻላል። በመልእክት የተላከልን፣ በማስታወቂያ የመጣ ወይም የሚከፈልበት ሆኖ በነጻ የተሰጠን ከሆነ ግን እንተወው።

ለመክፈት ከወሰንን፣ መልእክቱን Done ብለን እንዘጋለን። ከዚያ System Settings ውስጥ Privacy & Security የሚለውን ከፍተን ወደ ታች እንወርዳለን። Security ከሚለው ሥር የፕሮግራሙ ስምና Open Anyway የሚል ቁልፍ ይገኛል። እሱን ተጭነን የኮምፒዩተሩን የይለፍ ቃል እንሰጣለን። ቁልፉ የሚቆየው ከሙከራችን በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ከጠፋ ፕሮግራሙን እንደገና ለመክፈት መሞከር ነው። Control ይዞ ተጭኖ Open ማለት የሚሠራው በቀድሞዎቹ ማኮች ነው፤ በ2024 ከወጣው ሴኮያ ጀምሮ ቀርቷል።

ፕሮግራሙ ኮምፒዩተሩን ይጎዳል የሚል መልእክት ከመጣ ግን አፕል ክፉነቱን አውቆታል ማለት ነውና ወዲያው ወደ Trash ይጣል። Terminal ከፍታችሁ ይህን ለጥፉ የሚል መመሪያም ጠባቂውን ለማለፍ የሚሠራበት ተንኮል ሊሆን ስለሚችል አንከተለው። ከተከፈተ በኋላ ያለ ምክንያት የይለፍ ቃል ደጋግሞ ቢጠይቅም አንስጠው። አስቀድመን ሰጥተን ከሆነ ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት እንለያየው፣ ለባንካችን እንደውል፣ የይለፍ ቃሎቻችንንም በሌላ መሣሪያ እንቀይር።