ደብተሩ ከመስታወቱ ይቀድማል፤ ለጀማሪ ሴት የአሥራ ሁለት ሳምንት የብረት ሥራ

ብረት ማንሳት የጀመሩ ብዙ ሴቶች በአራተኛው ሳምንት ገደማ መስታወት ፊት ቆመው ምንም አልተለወጥኩም ብለው ይተዋሉ። ጉልበታቸው ግን ጨምሯል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገኘው ጉልበት በአብዛኛው የነርቭ ሥራ ነው፤ አንጎል ያለውን ጡንቻ አስተባብሮ ማዘዝ ይማራል። ጡንቻው ራሱ ዳብሮ ለዓይን የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ምስክሩ ደብተር ነው።

በ1ኛውና በ2ኛው ሳምንት የሚሠራው አካሄዱን ለመልመድ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመሐል ቢያንስ አንድ ቀን እያረፉ፣ አራት እንቅስቃሴ ይበቃል። እነሱም ዳምቤል ደረት ላይ ታቅፎ ቁጭ ብድግ፣ ጀርባ ሳይጎብጥ ከዳሌ ጎንበስ ብሎ ክብደት ይዞ መነሳት፣ ጠረጴዛ ተደግፎ ፑሽ አፕ እና ዳምቤልን ወደ ጎን መሳብ ናቸው። እያንዳንዱ ሁለት ዙር፣ አሥር አሥር ጊዜ ይሠራል። በማግስቱ ጡንቻ ቢያም ያለ ነው፤ መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን የማቆሚያ ምልክት ነው።

ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ዙሩ ሦስት ይሆናል፣ በመሐሉ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት አለ። ዋናው ሕግ እዚህ ነው። ለምሳሌ አንዲት ጀማሪ በ10 ኪሎ ዳምቤል ቁጭ ብድግ ስትሠራ 10፣ 9፣ 8 ብላ ትመዘግባለች። በሦስቱም ዙር 12 ስትደርስ ወደ 12 ኪሎ ትወጣለች፤ ቁጥሩ ተመልሶ 8 ቢሆን አይክፋት። እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ ሁለት ጊዜ ያህል ለመድገም አቅም መቅረት አለበት። አምስት የሚቀር ከሆነ ግን ክብደቱ ቀሏል፤ የብዙ ሴቶች ስህተትም ይኸው ነው። እንደ ወንድ እገዝፋለሁ የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ የሴት ቴስቶስቴሮን ከወንድ እጅግ ያነሰ ነው።

በ7ኛው ሳምንት ክብደቱ ሳይቀየር ዙሩ ወደ ሁለት ይቀንሳል። ይህ ድካም የሚወጣበት ሳምንት ስለሆነ አይዘለልም።

ከ8ኛው እስከ 11ኛው ያው ሕግ ይቀጥላል፤ ፑሽ አፑ ከጠረጴዛ ወደ ዝቅተኛ አግዳሚ ወንበር ይወርዳል። ትከሻና ጭን ላይ ቅርጽ መታየት የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው፣ ምግቡ ከበቃ። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲታሰብ 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 96 ግራም ይሆናል። በጾም ወራት ይህን መሙላት ይከብዳል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አኩሪ አተር በየማዕዱ በርከት ካላሉ ጉልበቱ ቢጨምርም ጡንቻው ይዘገያል።

በ12ኛው ሳምንት ያንኑ የ3ኛውን ሳምንት 10 ኪሎ አንሺና ስንት ጊዜ እንደሠራሽ ቁጠሪ፤ ፎቶውንም በመጀመሪያው ቀን በተነሣሽበት ቦታና ብርሃን ተነሺ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ በቅርቡ ከወለድሽ ወይም የደም ግፊት ካለብሽ ግን ከ1ኛው ሳምንት በፊት ሐኪም አማክሪ።