ከእምብርት ተነስቶ ወደ ቀኝ የሚወርድ ሕመም

ትርፍ አንጀት በሆድ ታችኛው ቀኝ ክፍል፣ ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ቱቦ ነው። ርዝመቱ በአብዛኛው ሰው ከ10 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ጫፉ ድፍን በመሆኑ ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ ጣጣውም የሚጀምረው ይህ በር ሲዘጋ ነው። የሚዘጋው የደረቀ ሰገራ ሊሆን ይችላል፤ በቱቦው ግድግዳ ውስጥ ያለው የመከላከያ ሥጋ አብጦም ሊዘጋው ይችላል፤ አልፎ አልፎም ወስፋት ይገባበታል። ከምግብ በኋላ መሮጥ ያመጣዋል የሚባለው ግን መሠረት የለውም።

በሩ ቢዘጋም የቱቦው ውስጠኛ ገጽ ልፋጭ ማመንጨቱን አያቆምም። መውጫ ያጣው ፈሳሽ ግድግዳውን ይወጥረዋል፤ ውጥረቱ የደም ሥሮችን ሲጫን ደም መመለሻ ያጣል፤ ተህዋስያንም በውስጡ ይራባሉ። ደም ያጣው ግድግዳ በመጨረሻ ይሞትና ይበሳል። ይህ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ ከአንድ ቀን በኋላ የሚመጣ ነው፤ የሚቸኩልበት ጊዜም አለ።

ማታ ላይ እምብርቱ አካባቢ ድፍን ያለ ሕመም የተሰማውን አንድ ወጣት እንውሰድ። ራት አስጠላው፤ ቆይቶም አስመለሰው። የውስጥ አካል ነርቮች ቦታ ለይተው ስለማይናገሩ አእምሮ የትርፍ አንጀትን ውጥረት እምብርት ላይ ያነበዋል። ሲነጋ ሕመሙ ወደ ታችኛው ቀኝ ሆድ ወርዶ ስለታም ሆኗል፤ ሲያስልና ሲራመድ ይብስበታል፤ መለስተኛ ትኩሳትም አለው። ይህም ቁጣው የሆድ ዕቃን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ደረሰ ማለት ነው፤ ያ ሽፋን ቦታውን ለይቶ ያውቃል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ማክበርኒ በ1889 እ.ኤ.አ. የገለጸው ነጥብ፣ ከቀኝ ዳሌ አጥንት ጫፍ ወደ እምብርት በሚሰመር መስመር ሲሦው ላይ ያለው፣ ሲጫን በጣም ያመዋል።

ችግሩ ሁሉም ታማሚ እንደዚህ ወጣት አለመሆኑ ነው። ትርፍ አንጀት ሥሩ አንድ ቦታ ይሁን እንጂ ጫፉ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይዞራል። ከትልቁ አንጀት ጀርባ ከተሸሸገ ሕመሙ ወደ ጎን ወይም ወደ ወገብ ይሄዳል፣ ሆድ ሲጫንም ብዙ አያምም። ወደ ዳሌ ከወረደ ሽንት ያጣድፋል ወይም ተቅማጥ ያመጣል፤ ያን ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተብሎ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። በእርግዝና ማኅፀን ቦታ ያጣብባል፤ በሴቶች የእንቁላል ዕጢ ሕመምና ከማኅፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ይመስሉታል። ሕፃናት የት እንደሚያማቸው አይናገሩም፤ በአረጋውያን ትኩሳቱም ሕመሙም ደብዛዛ ነው።

የነጭ የደም ሕዋስ መጨመር ቁጣ መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አይነግርም፤ ቁጥሩ ጤናማ ሆኖም በሽታው ሊኖር ይችላል። አልትራሳውንድ ጋዝ ከጋረደው ወይም ታማሚው ወፍራም ከሆነ ትርፍ አንጀቱን ላያሳይ ይችላል፤ አለመታየቱም ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሲቲ ስካን የተሻለ ያሳያል፣ ግን ጨረሩ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አይመረጥም። ስለዚህ ጥርጣሬው ካልጠራ ሐኪሙ ታማሚውን አስተኝቶ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደግሞ ይመረምረዋል። በዚህ መሀል ሕመሙ በድንገት ቀለል ቢል መሻሉን አያረጋግጥም፤ ቱቦው ሲበሳ ውጥረቱ ስለሚረግብ ለጊዜው እንዲህ ይሆናል፣ ከዚያም መግሉ ሲሠራጭ መላ ሆዱ ይጠነክራል።