መሃሉ የጎበጠው ካርታ

በድሮን የተሠራ ካርታ ዓይን ይማርካል። ባለ 20 ሜጋፒክስል የተለመደ የድሮን ካሜራ ከ100 ሜትር ከፍታ ሲያነሣ አንዷ ፒክስል መሬት ላይ 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ የማሳው ትልም ሳይቀር ይቆጠራል። ተመራማሪዎችን ግራ ያጋባው ግን ሌላ ነገር ነበር። ይህን ያህል ጥርት ያለ ካርታ ከፍታው በመሬት ልኬት ሲፈተሽ፣ ለጥ ያለው ሜዳ አንዳንዴ መሃሉ ላይ እንደ አክንባሎ ጎበጥ ብሎ ይገኛል።

ነገሩ እንዲገባን አሠራሩን እንይ። ድሮኑ ፎቶዎቹን እያደራረበ ያነሣል፤ በበረራው መስመር 80 ከመቶ፣ በጎን ደግሞ 70 ከመቶ ያህል መደራረብ የተለመደ ነው። ስለዚህ አንዲት ድንጋይ በብዙ ፎቶ ላይ ትገኛለች። ፕሮግራሙ እነዚህን የጋራ ነጥቦች ለቅሞ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያሰላል፤ ካሜራው የት እንደነበረ፣ መሬቱ ምን ቅርጽ እንዳለው፣ ሌንሱም ምስሉን ምን ያህል እንደሚያጣምም። ከዚያ እያንዳንዱን ፎቶ በመሬቱ ቅርጽ አርሞ ያጋጥማቸዋል። የተጋጠመው ምስል ኦርቶሞዛይክ ይባላል።

የተራ ድሮን ጂፒኤስ በሜትሮች ይሳሳታል። ስለዚህ ቀያሹ ከበረራው በፊት ከላይ የሚታዩ ምልክቶችን መሬት ላይ ያኖርና በአርቲኬ መሣሪያ በ2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትክክለኛነት ይለካቸዋል። ከፊሎቹን ለፕሮግራሙ ይሰጣል፤ እነዚህ መቆጣጠሪያ ነጥቦች ናቸው። የቀሩትን ይደብቃል፤ እነዚህ ደግሞ መፈተሻ ነጥቦች ናቸው። ፕሮግራሙ ስሌቱን መቆጣጠሪያ ነጥቦቹ ላይ እንዲገጥም አድርጎ ስለሚያስተካክል፣ በእነሱ ላይ የሚታየው ትንሽ ስህተት ስለ ቀሪው መሬት ብዙ አይነግርም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 40 ሄክታር የሆነ አራት ማዕዘን እርሻ ነው እንበል፤ መቆጣጠሪያ ነጥቦቹ አራቱ ማዕዘኖች ላይ ብቻ ናቸው። ሪፖርቱ በእነሱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ስህተት ያሳያል። አምስቱ መፈተሻ ነጥቦች ግን ከዳር ወደ መሃል ሲነበቡ ካርታው ከመሬቱ በ3፣ በ4፣ በ11፣ በ12 እና በ19 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ሪፖርቱ እነዚህን ጨፍልቆ 11 ሴንቲ ሜትር የሚል አንድ ቁጥር ያወጣል። እኔ ይህን ቁጥር ብቻውን አላምነውም፤ ዋናው ወሬ ያለው ስህተቱ የት እንደተቀመጠ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመለኪያ ሥርዓቱ ነው። በእኛ አገር የቆዩ ካርታዎች በአዲንዳን የተሠሩ ሲሆኑ የድሮኑ ጂፒኤስ በዳብልዩ ጂ ኤስ 84 ይሠራል፤ ሁለቱ ከተደባለቁ ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ግን ያ ሁሉንም ነጥብ አንድ ላይ ይገፋል። የመለኪያው ዘንግ ቁመት በስህተት ቢጻፍም እንዲሁ ነው። ፎቶዎቹ በትክክል ባይዛመዱ ኖሮ ደግሞ ስህተቱ ያለ ሥርዓት ይበተን ነበር። እዚህ ግን ወደ መሃል በተጠጋን ቁጥር ያድጋል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 የላንካስተር ዩኒቨርሲቲው ማይክ ጄምስና የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደኑ ስቱዋርት ሮብሰን መልሱን ይዘው ቀረቡ። የመረጡት መንገድ ብልህ ነበር፤ በረራውን በኮምፒውተር አስመስለው ሠሩት። የመሬቱም የሌንሱም እውነተኛ ባሕርይ አስቀድሞ ስለሚታወቅ የመስክ ልኬት ስህተት ሰበብ ሊሆን አይችልም። ጉብታው ግን እዚያም ብቅ አለ። ካሜራው ሁልጊዜ ቀጥታ ወደ ታች ሲያይ፣ ፕሮግራሙ የሌንሱን መጣመም በጥቂቱ ቢስትና መሬቱን በዚያው ልክ ቢያጎብጥ ፎቶዎቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸው አይቀርም። ስሌቱ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበት ነገር የለውም።

ኦርቶሞዛይኩ ከላይ ሲታይ የሚያታልለውም በዚህ ነው። የ19 ሴንቲ ሜትር የከፍታ ስህተት፣ ከካሜራው ትይዩ ባለው የፎቶው መሃል ቦታን የሚያዛባው እጅግ በትንሹ ነው፤ ካርታው የሚገጣጠመውም በአብዛኛው ከዚያው ከመሃሉ ነው። ቦታውን ብቻ የሚፈትሽ ሰው ጉብታውን ሳያየው ያልፋል። የመስኖ ቦይ የሚነድፈው መሐንዲስ ግን በዚያ ከፍታ ውኃው ወዴት እንደሚፈስ ይወስናል።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ከቀጥታዎቹ ፎቶዎች ጋር ካሜራውን አዘንብሎ ጥቂት ፎቶዎች ማንሣት። ከጎን የታየ መሬት ሲጎብጥ ፎቶዎቹ ስለማይስማሙ ስሌቱ እውነተኛውን ለመቀበል ይገደዳል። በአስመስሎ ሥራው ውስጥ፣ መቆጣጠሪያ ነጥብ በሌለበት እንኳ ስህተቱ እስከ መቶ እጥፍ ገደማ ቀንሷል። መሃል ላይ መቆጣጠሪያ ነጥብ መጨመርም ጉብታውን ይጫነዋል፣ ምንጩን ግን አያደርቀውም።

የድሮን ካርታ የምታሠሩ ሰዎች፣ በአንድ አማካይ ቁጥር አትርኩ። ለፕሮግራሙ ያልተሰጡትን መፈተሻ ነጥቦች፣ የእያንዳንዱን የከፍታ ስህተት ከነምልክቱና ከነቦታው ጠይቁ፤ ቢያንስ አንዱም መሃል ላይ ይሁን።