አምስት ሺህ ቮልት እንዴት ይረጋጋል?

የልብ ጡንቻ ሥርዓቱን ስቶ መርገብገብ ሲጀምር ደም መግፋት ያቆማል፤ ሰውየውም በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ሐኪሞች ያን ጊዜ ሁለት ዝርግ ብረቶች ደረቱ ላይ ተጭነው የኤሌክትሪክ ምት ይሰጡታል። መሣሪያው ዲፊብሪሌተር ይባላል። ቀደምቶቹ ዲፊብሪሌተሮች ከመብራት መስመር የሚመጣውን ተለዋዋጭ ኮረንቲ በቀጥታ ወደ ደረት የሚልኩ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ የልብ ሐኪሙ በርናርድ ላውን ከኢንጂነሩ ባሩክ በርኮቪትስ ጋር ሆኖ ቦስተን ውስጥ ሌላ ዓይነት መሣሪያ አቀረበ። ይኸኛው ኃይሉን አስቀድሞ ያጠራቅምና በአንድ ጊዜ ይለቀዋል።

ከውስጥ ሲታይ ነገሩ ቀላል ነው። ኃይሉን የሚያጠራቅም ካፓሲተር አለ። ከእሱ ቀጥሎ ኢንዳክተር የሚባል የሽቦ ጥቅል አለ። ከጥቅሉ ቀጥሎ ደግሞ የሕመምተኛው ደረት ይመጣል፤ እሱም እንደ ሬዚስተር ሆኖ ኮረንቲውን ይቃወማል። ሦስቱ በአንድ መስመር ተከታትለው ሲቀጠሉ የኤሌክትሪክ ተማሪዎች በየመማሪያ መጽሐፉ የሚያገኙት ተከታታይ የአርኤልሲ ሰርኪዩት ይሆናሉ። ከሌላው የሚለየው ከክፍሎቹ አንዱ ሰው መሆኑ ነው።

ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የሚስማሙ ቁጥሮች ይያዙ፦ ካፓሲተሩ 16 ማይክሮፋራድ፣ ጥቅሉ 0.1 ሄንሪ። ካፓሲተሩ እስከ 5000 ቮልት ሲሞላ 200 ጁል ኃይል ይይዛል። ጥቅሉ ባይኖር ኖሮ፣ 50 ኦም ባለው ደረት ላይ ኮረንቲው ገና ቁልፉ እንደተነካ 100 አምፔር ላይ ይዘላል፤ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ዝላይ የልብን ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል። ጥቅሉ ግን በባሕርዩ የኮረንቲን ድንገተኛ ለውጥ አይቀበልም። ኮረንቲው ከዜሮ ተነሥቶ ቀስ እያለ እንዲወጣ ያስገድደዋል፤ አንዴ ከተነሣ በኋላም በቀላሉ እንዲቆም አይፈቅድለትም።

ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ ሰርኪዩቱን ከውጭ የሚገፋው ባትሪም ሶኬትም የለም። ያለው ኃይል ካፓሲተሩ ውስጥ የተከማቸው ብቻ ነው፤ እሱም በጥቅሉና በደረቱ በኩል አልፎ ያልቃል። ሰርኪዩቱ በራሱ ሲተው የሚያሳየው ይህ ጠባይ የተፈጥሮ ምላሽ ይባላል። ምላሹ ምን መልክ እንደሚይዝ የሚወስነው ጥያቄ አንድ ነው፦ ተቃውሞው ኃይሉን በልቶ የሚጨርሰው፣ ጥቅሉ ኮረንቲውን ወደ ማዶ ሳያሻግረው ነው ወይስ ካሻገረው በኋላ?

ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ መሐል ላይ ሲደርስ አይቆምም፤ ፍጥነቱ ወደ ማዶ ይወስደዋል። ካፓሲተሩ ባዶ በሆነበት ቅጽበትም ኮረንቲው እየሮጠ ነው፤ ጥቅሉም ሩጫውን ያስቀጥለዋል። ስለዚህ ካፓሲተሩ በተቃራኒው አቅጣጫ እንደገና ይሞላል፤ ቀጥሎም ኮረንቲው ተመልሶ ይፈስሳል። ተቃውሞው ሲበዛ ግን መወዛወዙ ይቀራል።

የሁለቱን ወሰን በስሌት ያገኘው በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን ነው፤ በ1853 ከግላስጎው ባሳተመው ጽሑፍ። ወሰኑ በዛሬ አጻጻፍ እንዲህ ነው፦

R = 2√(L/C)

R የመስመሩ ጠቅላላ ተቃውሞ ነው፤ L የጥቅሉ ኢንዳክታንስ፣ C ደግሞ የካፓሲተሩ መጠን። በ1850ዎቹ መጨረሻ ቤሬንድ ፌደርሰን ላይፕሲሽ ውስጥ የካፓሲተር ብልጭታን በሚሽከረከር መስታወት ፎቶ አንሥቶ ለዓይን አንድ የሚመስለው ብልጭታ በእርግጥ የሚመላለስ መሆኑን አሳየ። በመስመሩ ላይ ተቃውሞ ሲጨምር ደግሞ መመላለሱ ጠፋ።

በተያዘው መሣሪያ ላይ 0.1ን ለ0.000016 ሲያካፍሉ 6250 ይመጣል። የዚህ ካሬ ሥር 79 ያህል ነው፤ እጥፉ 158 ኦም። ይህ ቁጥር ቋሚ ነው፤ መሣሪያው ፋብሪካ ውስጥ ሲገጣጠም ተወስኗል። የሚለዋወጠው የመስመሩ ተቃውሞ ነው፤ እሱም በደረቱና ብረቱ ቆዳውን በነካበት መንገድ ይወሰናል።

መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ በወጉ የሆነበትን ሁኔታ እንይ። ደረቱ 50 ኦም አለው፤ ብረቶቹ በጄል ተቀብተው በደንብ ተጭነዋል፤ ጥቅሉ ራሱ ረጅም ሽቦ ስለሆነ 10 ኦም ይጨምራል። ድምሩ 60 ኦም ነው። ከ158 በጣም ስለሚያንስ ምላሹ አንደርዳምፕድ ይሆናል፤ መርገቢያው ያነሰው ማለት ነው። ኮረንቲው በ1.6 ሚሊሰከንድ ገደማ 39 አምፔር ይደርሳል፤ በ4.3 ሚሊሰከንድ ወደ ዜሮ ይወርዳል። እዚያ ግን አያበቃም። በዚያች ቅጽበት ካፓሲተሩ ላይ ከመነሻው 28 በመቶ የሚሆን ቮልቴጅ በተቃራኒው ምልክት ቆሟል፤ 1380 ቮልት ያህል። ኮረንቲው በግልባጩ ይነሣና ወደ 11 አምፔር ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ 3 አምፔር፣ እያለ እየመነመነ ይጠፋል።

አሁን ደግሞ ጄሉ ተረስቶ ብረቱ ደረቅ ቆዳ ላይ አርፏል እንበል፤ የንክኪው ተቃውሞ ብቻ 190 ኦም ቢሆን ድምሩ 250 ይደርሳል። ወሰኑ ታልፏል፤ ምላሹ ኦቨርዳምፕድ ነው። ኮረንቲው 17 አምፔር እንኳ ሳይሞላ ወደ ታች ይታጠፋል፤ አቅጣጫውንም አይለውጥም። አወራረዱ ግን የተንቀራፈፈ ነው፤ በ10ኛው ሚሊሰከንድ ላይ ገና 1.5 አምፔር ይፈስሳል። ከሁሉ የሚያሳስበው ኃይሉ የት እንደሄደ ነው። በተከታታይ መስመር ላይ እያንዳንዱ ክፍል ኃይሉን የሚካፈለው በተቃውሞው ልክ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ከ200 ጁል 167ቱ ደረት ውስጥ ገብቶ ነበር። በዚህኛው ግን የሚገባው 40 ብቻ ነው፤ አብዛኛው ቆዳው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቆዳ ይቃጠላል፤ ልብም ላይነሣ ይችላል።

በሁለቱ መካከል ድምሩ ልክ 158 ኦም የሆነበት ሁኔታ አለ፤ ክሪቲካሊ ዳምፕድ ይባላል። ኮረንቲው በ1.3 ሚሊሰከንድ 23 አምፔር ይደርስና ሳይመለስ ይወርዳል። እስከዚህ ኦቨርዳምፕዱን ይመስላል። በ10ኛው ሚሊሰከንድ ግን የቀረው 0.2 አምፔር እንኳ አይሞላም። ተቃውሞ በበዛ ቁጥር ቶሎ የሚረጋጋ የሚመስለው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከወሰኑ ካለፉ በኋላ የሚጨመረው ተቃውሞ ኮረንቲውን ስለሚያሳንሰው ካፓሲተሩ የያዘውን ለማፍሰስ ይዘገያል። ሳይወዛወዝ በፍጥነት የሚረጋጋው ወሰኑ ላይ ያለው ነው።

በሥራ ላይ ሦስቱን መለየት የሚጀምረው ከኦሲሎስኮፕ ነው። የሆስፒታል መሣሪያ ቴክኒሻኖች ዲፊብሪሌተርን የሚፈትሹት በሰው ፈንታ 50 ኦም ሬዚስተር በያዘ መፈተሻ ላይ ምቱን በመልቀቅ ነው። መስመሩ ዜሮን አቋርጦ ወደ ታች ከወረደና ከተመለሰ አንደርዳምፕድ መሆኑ አያጠራጥርም። የመመለሱ መጠን ደግሞ ተጨማሪ ወሬ ይነግራል። ጤነኛው መሣሪያ ሁለተኛውን ጉብታ ከመጀመሪያው 28 በመቶ አድርጎ ያሳያል። ሁለተኛው ጉብታ 15 በመቶ ብቻ ቢሆን ስሌቱ ጠቅላላ ተቃውሞው 82 ኦም መሆኑን ያወጣል። መፈተሻው 50፣ ጥቅሉ 10 ናቸው፤ ታዲያ 22ቱ ከየት መጣ? ከላላ መጋጠሚያ፣ ከተቃጠለ የማስተላለፊያ ነጥብ ወይም በውስጡ ሊቆረጥ ከደረሰ ገመድ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ሳይከፈት ጉድለቱ የተገኘው ከጉብታዎቹ ንጽጽር ነው።

ክሪቲካሊ ዳምፕዱን ከኦቨርዳምፕዱ መለየት ግን በዓይን ያስቸግራል፤ ሁለቱም ባለ አንድ ጉብታ ናቸው። አንዱ መንገድ ተቃውሞውን በጥቂቱ መቀነስ ነው። ወሰኑ ላይ የነበረው ወዲያው ዜሮን ማቋረጥ ይጀምራል፤ ከወሰኑ ርቆ የነበረው ግን አንድ ጉብታ እንደሆነ ይቀጥላል። ማቋረጡ መጀመሪያ ላይ በጣም ትንሽ ስለሆነ የኦሲሎስኮፑን ስኬል ጅራቱ ላይ ማጉላት ያስፈልጋል። ሌላው መንገድ ሁሉንም ተቃውሞ ደምሮ ከወሰኑ ጋር ማነጻጸር ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች ደጋግመው የሚሰናከሉበት ነገር አለ፦ ሬዚስተሩ ላይ የተጻፈውን ኦም ብቻ ይወስዱና የጥቅሉን ሽቦ ይረሳሉ። በስሌት ወሰኑ ላይ ያሰቡት ሰርኪዩት በተግባር ኦቨርዳምፕድ ሆኖ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ዜሮን የማቋረጡ መለያም አንድ ሁኔታ ይጠይቃል፤ ቁልፉ ሲዘጋ ጥቅሉ ውስጥ ኮረንቲ አለመኖሩን። በዲፊብሪሌተር ላይ ይህ የተጠበቀ ነው። ጥቅሉ አስቀድሞ ኮረንቲ ከያዘ ግን ኦቨርዳምፕድ ሰርኪዩትም አንድ ጊዜ ዜሮን ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ መታየት ያለበት ደጋግሞ መሻገሩ ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የሚሠሩት ዲፊብሪሌተሮች በአብዛኛው ከባዱን ጥቅል ትተዋል። ምቱ በግማሽ መንገድ አቅጣጫውን እንዲለውጥ በኤሌክትሮኒክ ማብሪያና ማጥፊያ ይገለብጡታል፤ እንዲህ ባለ ሁለት አቅጣጫ ምት ባነሰ ጁል ልብን መመለስ እንደሚቻል ታይቷል። ብዙዎቹ ደግሞ ትንሽ ኮረንቲ በብረቶቹ መካከል አሳልፈው የደረቱን ኦም ይለካሉ፤ ንክኪው ደካማ ከሆነ ምቱን ከመልቀቃቸው በፊት ለሐኪሙ ያስጠነቅቃሉ።