ወደ ኋላ የማይመለሰው የነርቭ መልእክት

እንቅፋት የመታው ሰው ሕመሙ ሁለት ጊዜ ይመጣበታል። መጀመሪያ ጠቅ የሚያደርግ ስለታም ሕመም ይሰማዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሚያቃጥልና የሚጠዘጥዝ ሌላ ሕመም ይከተላል። ሁለቱም የተነሡት ከአንድ ጣት፣ በአንድ ቅጽበት ነው። የሚለያዩት በመንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሕመም የሚያደርሱት ነርቮች መልእክቱን በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ያስኬዱታል፤ የሁለተኛው ነርቮች ግን በሰከንድ ከ1 ሜትር ብዙም አያልፉም። ከአውራ ጣት እስከ አከርካሪ ያለው መንገድ በአዋቂ ሰው 1 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንደኛው በዓይን ጥቅሻ ሲደርስ ሌላው አንድ ሙሉ ሰከንድ ይፈጅበታል።

በመዳብ ሽቦ የሚሄድ ኤሌክትሪክ እንዲህ አይዘገይም። ነርቭ የሚዘገየው ከእግር ጣት ተነሥቶ አከርካሪ ድረስ የሚፈስ ነገር ስለሌለ ነው። አክሶን በሚባለው ረጅምና ቀጭን የነርቭ ክር ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ሥራ ይሠራና ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል፤ ጎረቤቱም ያንኑ ይደግማል። ሳይንቲስቶች አክሽን ፖቴንሻል የሚሉት ይህን እየተደጋገመ የሚሄድ ክስተት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ነርቩ ሥራ ከመያዙ በፊት ነው። በአክሶኑ ሽፋን ላይ ያለ ፓምፕ ሦስት የሶዲየም አዮኖችን ወደ ውጭ እያስወጣ ሁለት የፖታሲየም አዮኖችን ወደ ውስጥ ያስገባል። በዚህ የተነሣ ሶዲየም በውጭ፣ ፖታሲየም በውስጥ ይበዛል። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ስለሚሾልክና ፖዘቲቭ ሙሉንም ይዞ ስለሚወጣ፣ የአክሶኑ ውስጥ ከውጩ ሲነጻጸር ኔጌቲቭ ሆኖ ይቆያል፤ ልዩነቱ ወደ 70 ሚሊቮልት ነው። ስለዚህ ሥራ የፈታ የሚመስለው ነርቭ፣ በሩ ቢከፈትለት ሶዲየም የሚጎርፍበት ዝግጁ ነርቭ ነው።

እንቅፋቱ ሲመታ በነርቩ ጫፍ ላይ ጥቂት ፖዘቲቭ አዮኖች ይገባሉ። የውስጡ ቮልቴጅ ከ−70 ወደ −55 ሚሊቮልት ገደማ ካልደረሰ ምንም አይከተልም፤ ነገሩ እዚያው ይከስማል። ከደረሰ ግን ቮልቴጅ የሚከፍታቸው የሶዲየም በሮች መከፈት ይጀምራሉ። የገባው ሶዲየም ቮልቴጁን ይበልጥ ከፍ ያደርገዋል፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ሌሎች በሮች ይከፈታሉ። አንዱ ሌላውን እየገፋ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጡ ከኔጌቲቭነት ወጥቶ +30 ሚሊቮልት አካባቢ ይደርሳል። ይህ ዲፖላራይዜሽን ይባላል።

ቮልቴጁ ከዜሮ በላይ መውጣቱ መጀመሪያ ሲታይ አስደንጋጭ ነበር። እስከ 1939 ድረስ ብዙዎች ያመኑት ሽፋኑ ለቅጽበት ሁሉንም አዮን አሳልፎ ቮልቴጁ ዜሮ ላይ እንደሚቆም ነበር። በዚያ ዓመት አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ በእንግሊዟ ፕሊማውዝ የባሕር ምርምር ጣቢያ፣ ስኩዊድ ከተባለው የባሕር እንስሳ ያወጡት አክሶን ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ አስገቡ። ያ አክሶን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ስላለው በዓይን ይታያል። መሣሪያቸው የመዘገበው ግን ቮልቴጁ ዜሮን አልፎ ወደ ፖዘቲቭ መዝለሉን ነው። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ሥራቸውን አቋረጠው። በ1949 ሆጅኪንና በርናርድ ካትስ አክሶኑ የተቀመጠበትን የባሕር ውኃ ሶዲየም ሲቀንሱ ያ ዝላይ አብሮ እንደሚያጥር አሳዩ፤ ምንጩ ሶዲየም መሆኑም ታወቀ። ሆጅኪንና ሃክስሊ በ1952 ሙሉውን ሂደት በሒሳብ ቀመር አስቀመጡት፤ በ1963ም ከጆን ኤክልስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ወደ ላይ የወጣው ቮልቴጅ የሚመለሰው በሁለት ምክንያት ነው። የሶዲየሙ በር ከተከፈተ በኋላ በውስጥ በኩል ያለ መወተፊያ ራሱ መጥቶ ይደፍነዋል። ከዚያው ጋር፣ ለመከፈት ዘገም የሚሉት የፖታሲየም በሮች ይከፈቱና ፖታሲየም ወደ ውጭ ይወጣል፤ ውስጡም እንደገና ኔጌቲቭ ይሆናል። ይህ ሪፖላራይዜሽን ነው። ብዙ ተማሪ ቮልቴጁን የሚመልሰው ፓምፑ ይመስለዋል፤ አይደለም። በአንድ መልእክት የሚገባው ሶዲየም እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ፓምፑ በመርዝ ቢቆም እንኳ የስኩዊዱ አክሶን በሺዎች የሚቆጠሩ መልእክቶችን ማስተላለፍ ይችላል። የፓምፑ ሥራ ክምችቱን ውሎ አድሮ መሙላት ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ያ መወተፊያ ነው። የተደፈነ በር ምንም ያህል ቢገፉት አይከፈትም፤ ቮልቴጁ መጀመሪያ ወደ ኔጌቲቭ ተመልሶ መወተፊያው መነሣት አለበት። ለ1 ሺህኛ ሰከንድ ገደማ የአክሶኑ ያ ነጥብ ለማንኛውም ቀስቃሽ መልስ አይሰጥም። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሺህኛ ሰከንዶች ደግሞ በሮቹ ገና በከፊል ስለተመለሱና ፖታሲየም መውጣቱን ስላላቆመ፣ የሚቀሰቀሰው ከወትሮው በጠነከረ ግፊት ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሪፍራክተሪ ፒሪየድ ይባላሉ።

መልእክቱ አቅጣጫ የሚያገኘው ከዚህ ነው። በአንድ ነጥብ የገባው ሶዲየም ሞገዱን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ያሰራጫል። ከፊት ያሉት በሮች ዝግጁ ናቸው፤ ከኋላ ያሉት ገና እንደተደፈኑ ናቸው። በደረቀ ሣር ላይ የተነሣ ሰደድ እሳት ወደተቃጠለው መሬት እንደማይመለስ ሁሉ፣ መልእክቱም ባለፈበት አይመለስም። አክሶኑ ራሱ ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ አይደለም። መሐሉ ላይ በኤሌክትሪክ ቢነካ መልእክቱ በሁለቱም በኩል ይነጉዳል፤ ከሁለት ጫፍ የተነሡ ሁለት መልእክቶች መንገድ ላይ ቢገናኙም፣ እያንዳንዱ የሌላውን የተደፈኑ በሮች ያገኝና ሁለቱም እዚያው ይጠፋሉ።

የሁለቱ ሕመሞች የፍጥነት ልዩነት ደግሞ ከሽፋን የሚመጣ ነው። ፈጣኖቹ ነርቮች ማየሊን በተባለ ቅባታም ሽፋን ተጠቅልለዋል፤ የሶዲየም በሮቻቸው ያሉት በሽፋኑ መሐል በሚገኙ ትናንሽ ክፍተቶች ላይ ስለሆነ መልእክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት ይዘላል። ዘገምተኞቹ ሽፋን ስለሌላቸው ሥራውን በእያንዳንዱ ነጥብ መድገም አለባቸው።

ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው ሊዶኬይን የሚሠራው በእነዚሁ በሮች ላይ ነው። መድኃኒቱ የነርቩን ሽፋን አልፎ ይገባና የሶዲየሙን በር ከውስጥ በኩል ይዘጋዋል። አጥብቆ የሚይዘውም በተለይ የተደፈነውን በር ነው፤ በሌላ አነጋገር ሪፍራክተሪ ፒሪየዱን ያራዝመዋል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሕመም መልእክት የሚልከው ነርቭ ዝም ካለው ነርቭ ይበልጥ ይደነዝዛል። ድዱ መግል ከያዘ ግን ነገሩ ይለወጣል። የተቆጣ ሥጋ አሲድነቱ ይጨምራል፤ አሲድ ውስጥ አብዛኛው ሊዶኬይን ኤሌክትሪካዊ ሙል ይይዛል፤ ሙል የያዘው ደግሞ ቅባታማውን የነርቭ ሽፋን እንደልብ አያልፍም። በሽተኛው ተወግቶም «አሁንም ያመኛል» የሚለው ፈርቶ ላይሆን ይችላል፤ ሶዲየሙ አሁንም እየገባ ነው። እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ እብጠቱ ላይ ደጋግሞ ከመውጋት ይልቅ፣ ራቅ ብሎ ነርቩ ገና ጤነኛ ሥጋ ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ ይወጋል፤ ወይም አስቀድሞ መግሉን ያወጣል።